የነጣ ቸኮሌት እንዴት ይታደሳል?

ቸኮሌት ከማሸጊያው ሲወጣ አንዳንድ ጊዜ ላዩ ነጭ ወይም አመድማ ሆኖ ይገኛል። ብዙዎቻችን ሻጋታ ይመስለንና እንጥለዋለን። ብዙውን ጊዜ ግን ሻጋታ አይደለም፤ በሙቀት ለስልሶ እንደገና ሲረጋ የካካዎው ቅቤ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ቢበላም አይጎዳም።

ንጥር ቅቤ እንደ አቀዘቃዘዙ አንዴ ልስልስ፣ አንዴ ጥሬ ጥሬ ሆኖ እንደሚረጋ እናውቃለን። የካካዎ ቅቤም እንዲሁ በተለያየ መልክ ይረጋል። ሲሰበር ቀጭ የሚለውንና የሚያብለጨልጨውን ቸኮሌት የሚሰጠን ግን ከመልኮቹ አንዱ ብቻ ነው። ሥራችን ቸኮሌቱ በዚያ መልክ እንዲረጋ ማድረግ ነው።

400 ግራም የነጣ ጥቁር ቸኮሌት አለን እንበል። ሌላ 200 ግራም ያልነጣ፣ የሚያብለጨልጭ ቸኮሌት ያስፈልገናል፤ እሱ እርሾ ይሆነናል። በመጀመሪያ ማሸጊያውን እናንብብ። በካካዎ ቅቤ ፈንታ የአትክልት ቅባት የገባበት ከሆነ ይህ ሥራ አያስፈልገውም።

የነጣውን ከትፈን በደረቅ ሳህን እናደርግና ለብ ብሎ በሚተን ውኃ ድስት ላይ እናስቀምጠዋለን። ሳህኑ ውኃውን መንካት የለበትም። ቴርሞሜትሩ 45 ዲግሪ ሲያሳይ አሮጌው መልክ ሁሉ ጠፍቷልና እናወርደዋለን። ከዚያ እርሾውን በደቃቁ ከትፈን ጥቂት በጥቂት እየጨመርን፣ 31 ወይም 32 ዲግሪ እስኪደርስ ሳናቋርጥ እናማስላለን። ቴርሞሜትር የሌለን እንደሆነ ጥቂቱን ከከንፈራችን በታች እንቀባ፤ ከገላችን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሊሰማን ይገባል።

በቢላዋ ጫፍ ነክረን እናስቀምጥ። በአምስት ደቂቃ ገደማ ደርቆ ካብለጨለጨ ተሳክቷል። መስመር መስመር ከሠራ ጥቂት እርሾ ጨምረን እናማስል። ከ34 ዲግሪ ካለፈ ግን እርሾው ይሞታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ነው። የክፍሉም ሙቀት ወሳኝ ነው፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። በቆላ አገር ይህን በቀትር መሞከር ድካም ብቻ ነውና ጎህ ሲቀድ እንሥራው።

ትልቁ ጠላት የውኃ ጠብታ ነው። ጥቂት እንፋሎት እንኳ ሲገባበት ስኳሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ቸኮሌቱ በድንገት እንደ ጭቃ ይጓጉላል። ያን ጊዜ ነገሩ ግራ ቢመስልም መድኃኒቱ ውኃ መጨመር ነው። ለ200 ግራም ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ወይም ወተት አንድ በአንድ እየጨመርን ስናማስል ይለሰልሳል። ከእንግዲህ ቀጭ የሚል ቸኮሌት አይወጣውም፤ ለኬክ መቀቢያ ወይም በወተት ለሚጠጣ ግን ይሆናል።

ንጣቱ በጣት ሲታሽ የማይጠፋ፣ ደረቅና ሻካራ ከሆነም እርጥበት ያወጣው ስኳር ነው። ማቅለጥ ሻካራነቱን አያጠፋለትም፤ እሱንም ለመጠጥ እናውለው። ያረረ የሸተተውን ግን ምንም አያድነውም።