«ፕዌስ»፣ «ኦ ሴአ»፣ «ብዌኖ» እና «ኤን ፊን»፦ በስፓኒሽ ጭውውት ውስጥ ያላቸው አቅጣጫ አመልካችነት

ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በዕለት ተዕለት ጭውውታቸው ደጋግመው የሚያሰሟቸው «ፕዌስ»፣ «ኦ ሴአ»፣ «ብዌኖ» እና «ኤን ፊን» በቋንቋው ውስጥ በተለምዶ «ሙሌቲያ» ይባላሉ። ቃሉ ምርኩዝ የሚል ትርጉም ካለው ስም የተገኘ ማሳነሻ ሲሆን «ትንሽ ምርኩዝ» እንደ ማለት ነው። ስያሜው አንድ አመለካከት ይዟል፤ ተናጋሪው ሐሳቡ ሲያነክስበት በእነዚህ ቃላት ይደገፋል፣ ቢወገዱም ከመልእክቱ የሚጎድል ነገር የለም የሚል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ የተለየ ነው። አራቱ ቃላት የንግግርን ክፍተት የሚሞሉ ብቻ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ለአድማጩ የየራሳቸውን አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ አንዱ በሌላው ሲተካ የሚለወጠው የንግግሩ ለዛ ብቻ ሳይሆን የተናጋሪው አቋም ጭምር ነው።

የስፓኒሽ ሰዋስው ሊቃውንት ጉዳዩን ማጤን የጀመሩት ዘግየት ብለው ነው። ሳሙኤል ሂሊ ጋያ በ1943 ባሳተመው የአገባብ መጽሐፍ እነዚህን መሰል ቃላት ከዓረፍተ ነገር ውጭ የሚሠሩ ማያያዣዎች አድርጎ ተመልክቷቸዋል። ኢግናሲዮ ቦስኬ እና ቢዮሌታ ዴሞንቴ ባዘጋጁትና በ1999 በታተመው ገላጭ ሰዋስው ውስጥ ደግሞ ማሪያ አንቶኒያ ማርቲን ሶራኪኖ እና ሆሴ ፖርቶሌስ ለዲስኩር አመልካቾች አንድ ሰፊ ምዕራፍ ሰጥተው በአምስት ክፍል መደቧቸው። በዚህ ምደባ መሠረት «ፕዌስ» መረጃን ከሚያደራጁት መካከል አዲስ አስተያየትን የሚያስገባ ነው። «ኦ ሴአ» የተባለውን መልሶ የሚያብራራ፣ «ኤን ፊን» የተባለውን የሚጠቀልል፣ «ብዌኖ» ደግሞ በዋናነት የሁለት ሰዎችን ጭውውት የሚመራ አመልካች ነው። በተራ አነጋገር በአንድ ስም የሚጠሩት አራት ቃላት በምደባው በሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች መገኘታቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ከመተንተናችን በፊት አመልካቹን ከሚመስሉት መለየት ያስፈልጋል። «ብዌኖ» ጥሩ የሚል ቅጽል ሆኖ ሲያገለግል ከሚገልጸው ስም ጋር በጾታና በቁጥር ይስማማል፤ ስሙ አንስታይ ከሆነ «ብዌና» ይሆናል። አመልካች ሲሆን ግን የሚናገረው ማንም ይሁን ማን፣ የሚባለውም ምንም ይሁን ምን፣ መልኩ አይለወጥም። «ኦ ሴአ»ም በመነሻው «ወይም ይሁን» የሚል ግሣዊ አገላለጽ ቢሆንም ዛሬ ብዙ ቁጥር ሲከተለው እንኳ አይረባም። «ፕዌስ» በጽሑፍ ምክንያትን የሚያስገባ መስተጻምር ሆኖ ይገኛል። «ኖ ሳሊዮ፣ ፕዌስ ዮቢያ» ሲባል «ዝናብ ይዘንብ ስለነበር አልወጣም» ማለት ነው። ይህ አገባብ የመደበኛ ጽሑፍ እንጂ የጭውውት ባሕርይ አይደለም፤ ስለዚህ የጽሑፍን «ፕዌስ» ያጠና ተማሪ የጭውውቱን «ፕዌስ» አጥንቻለሁ ሊል አይችልም። እንዲሁም በሜክሲኮና በአርጀንቲና የሚሰማው «ኤስቴ…» እና በየትኛውም አገር የሚሰማው «ኤ…» ተናጋሪው ቃል እየፈለገ መሆኑን ብቻ ስለሚያሳዩ ከአራቱ ጋር መቀላቀል የለባቸውም።

አሁን ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተዘጋጀ አንድ አጭር ምልልስ እንመልከት። ሁለት ወዳጆች ስለ ቅዳሜ ቀጠሮ ይነጋገራሉ።

ሀ፦ ቢዬኔስ ኤል ሳባዶ? (ቅዳሜ ትመጣለህ?)
ለ፦ ፕዌስ… ኖ ሴ። ቴንጎ ኬ ትራባሃር። (እንግዲህ… እንጃ። ሥራ አለብኝ።)
ሀ፦ ኦ ሴአ፣ ኬ ኖ ቢዬኔስ። (አትመጣም ማለት ነዋ።)
ለ፦ ኖ፣ ኖ። ብዌኖ፣ ሲ ቦይ፣ ፔሮ ታርዴ። (አይ፣ አይ። እሺ፣ እመጣለሁ፤ ግን አርፍጄ ነው።)
ሀ፦ ብዌኖ። (ይሁን።)
ለ፦ ኤስ ኬ ኤስታ ሴማና… ኤል ሄፌ፣ ሎስ ኒኞስ፣ ላ ካሳ… ኤን ፊን። ያ ቴ ያሞ። (በዚህ ሳምንት እኮ… አለቃው፣ ልጆቹ፣ ቤቱ… ብቻ ምን አለፋህ። እደውልልሃለሁ።)
ሀ፦ ፕዌስ ናዳ፣ አስታ ኤል ሳባዶ። (በቃ እንግዲህ፣ ቅዳሜ እንገናኝ።)

የለ የመጀመሪያ መልስ በ«ፕዌስ» ይከፈታል። ጠያቂው የሚጠብቀው «አዎ» ወይም «አይ» ነው፤ ሊመጣ ያለው ግን ከሁለቱም አይደለም። «ፕዌስ» ጥያቄው መሰማቱን፣ የሚከተለው አስተያየትም ከእርሱ የሚነሳ አዲስ ነገር መሆኑን ያመለክታል። ዝምታው ከ«ፕዌስ» በኋላ ሲመጣ አድማጩ የተጠበቀው መልስ እንዳልተገኘ አስቀድሞ ይረዳል። ቃሉ ወጥቶ «ኖ ሴ» ብቻ ቢቀር መልሱ ሰዋስዋዊ ሆኖ ሳለ እንደ ቁጣ ወይም እንደ ግድየለሽነት ሊሰማ ይችላል። ተፈጥሯዊ የሚባለው ንግግር እዚህ ላይ ከድምፅ ቅላጼ ይልቅ አድማጩን ለማይወደው መልስ ከማዘጋጀት የሚመነጭ ነው።

ሀ በ«ኦ ሴአ» ሲመልስ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል። አዲስ መረጃ አያመጣም፤ ለ ከተናገረው ውስጥ ያልተነገረውን መደምደሚያ አውጥቶ መልሶ ያቀርብለታል። «ኬ» የተባለው አያያዥ ሲከተለው ይህ የመደምደሚያነት ባሕርይ ጎልቶ ይታያል። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ትኩረት የሚያሻው የቃሉ ቦታ ነው። የቅርብ አቻው «ማለት ነው» በአማርኛ ከማብራሪያው በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ «ኦ ሴአ» ግን በአብዛኛው ከማብራሪያው በፊት ቆሞ «የሚመጣው የቀደመው ትርጉም ነው» ብሎ ያስታውቃል። የአማርኛውን ሥርዓት ይዞ ቃሉን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያኖር ተማሪ አድማጩ ማብራሪያውን እንደ አዲስ ሐሳብ ከሰማው በኋላ ዘግይቶ ያርመዋል።

የምልልሱ ወሳኝ ነጥብ ለ «ብዌኖ፣ ሲ ቦይ» ያለበት ነው። ቀደም ሲል «እንጃ» ያለ ሰው አሁን ይመጣል። «ብዌኖ» ይህን የአቋም ለውጥ በግልጽ ይቀበላል፤ ለወዳጁ ቅሬታ እጅ መስጠቱንም ያሳያል፤ «ግን አርፍጄ» ለሚለው ገደብም መንገድ ይጠርጋል። በዚህ ቦታ «ኦ ሴአ፣ ሲ ቦይ» ቢል ኖሮ ትርጉሙ ሌላ ይሆን ነበር። «ስናገር የነበረው እመጣለሁ ለማለት ነው» እያለ ከመጀመሪያው ቃሉ እንዳልተለወጠ ይከራከር ነበር። በአንደኛው ተናጋሪው ሐሳቡን ለውጧል፣ በሌላው ግን አልለወጠም፤ ሁለቱን የሚለያቸው ይህ «ሙሌቲያ» የተባለ ቃል ብቻ ነው። ቀጥሎ ሀ ብቻውን የሚያሰማው «ብዌኖ» ደግሞ ሙሉ ተራ ይዞ ይቆማል። ስምምነት ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነገር ግን ደስታን አይገልጽም፤ «ይሁን» እንጂ «እሰይ» አይደለም።

«ኤን ፊን» ዝርዝርን የሚዘጋ ነው። ለ አለቃውን፣ ልጆቹንና ቤቱን ጠቅሶ ሊቀጥል ሲችል ያቆማል፤ «የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ» እንደ ማለት ነው። ስለሆነም የሚጠቀለል ነገር ሳይቀድመው ሊመጣ አይችልም። ይህንን ለመፈተን ምልልሱን የሚከፍተውን «ፕዌስ… ኖ ሴ» በ«ኤን ፊን… ኖ ሴ» እንተካ። አድማጩ ያልሰማው ረጅም ታሪክ እንዳለ ይጠረጥራል፣ ወይም ጉዳዩ ሳይከፈት እንደተዘጋበት ይሰማዋል። «ኤን ፊን» ከተባለ በኋላ «ፕዌስ ናዳ» መከተሉም ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ርዕሱን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ወደ ስንብት ያሸጋግራል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ጭውውቱን ያለ ድንገተኛ መቆረጥ ያበቁታል።

ከዚህ ትንተና ሁለት መፈተኛዎች ይገኛሉ። አንደኛው ቃሉን አውጥቶ የሚጎድለውን ማየት ሲሆን ሁለተኛው በሌላው ተክቶ የሚለወጠውን ማየት ነው። የመጀመሪያው ብቻውን ያሳስታል፤ ቃሉ ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈርስ ስለሚቀር ትርፍ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይገፋልና። የቃሉን ሥራ የሚያጋልጠው ሁለተኛው ነው። የተማሪን ንግግር ለመመዘንም ይኸው ያገለግላል። አንድ ተማሪ «ኦ ሴአ»ን በየዓረፍተ ነገሩ ጣልቃ የሚያስገባ ከሆነና ከቃሉ በኋላ የሚመጣው ለቀደመው ማብራሪያም መደምደሚያም ካልሆነ፣ ቃሉን የሚጠቀምበት እንደ «ኤ…» ነው ማለት ነው። የአገሬው ተናጋሪም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ በእርሱ ዘንድ ግን አቅጣጫ ያላቸው አጠቃቀሞችም አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ የሚቆጠረው ቃሉ ስንት ጊዜ እንደተነገረ ሳይሆን ስንቱ ወደ ኋላ እንደተመለከተ መሆን አለበት።

ትንተናው ገደብ አለው። በቺሊ «ፕዌስ» አጥሮ «ፖ» ይሆንና ዓረፍተ ነገርን ይዘጋል፤ «ሲ፣ ፖ» ሲባል አጽንዖት እንጂ ማመንታት አይሰማም። በሜክሲኮ «ፖስ» የሚል መልክ አለው፤ በዚያው አገር «ብዌኖ» ስልክ ሲነሳ የሚባል ቃልም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማስረጃ የየት አገር ንግግር እንደሆነ ሳይመዘገብ የቃሉን አቅጣጫ መበየን አይቻልም።

በመጨረሻም በቃለ መጠይቅ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነጥብ ይነሳል። የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ «ማጽዳት» በሚል እነዚህን ቃላት መሰረዝ የተለመደ ነው። ከላይ ካለው ምልልስ «ብዌኖ» ቢሰረዝ የሚቀረው «እንጃ» ያለና ቀጥሎ «እመጣለሁ» ያለ፣ ከራሱ ጋር የሚቃረን ሰው ነው። በድምፁ ውስጥ ግን ተቃርኖ አልነበረም፤ ሐሳቡን ለውጦ ለውጡን በአንድ ቃል ያስታወቀ ሰው ነበር። ትክክለኛው አሠራር «ኤ…» እና መሰሎቹን እንደ አስፈላጊነቱ መተው፣ አራቱን ቃላት ግን ከነቦታቸውና ከነዝምታቸው ማስፈር ነው። ትርጉም ሲደረግም ለሁሉም «እንግዲህ» ማለት አይበቃም። «ኦ ሴአ»ን «ማለት ነው»፣ «ብዌኖ»ን «እሺ» ወይም «ይሁን»፣ «ኤን ፊን»ን «ብቻ» ወይም «በቃ» እያሉ በየአቅጣጫቸው መለየት ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ የተጠያቂው አቋም የተለወጠበት ቅጽበት ከመዝገቡ ይጠፋል።