የተቀለበሰ ልውውጥና የማይመለስ ክፍያ፦ የዩኒስዋፕ ሁለተኛ ስሪት እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ያልተማከለ ልውውጥ ዋጋው ከተፈቀደው ገደብ በላይ ሲንሸራተት ይቀለበሳል፤ ተገበያዩ ሊሸጥ ያቀረበው ንብረት በእጁ ይቀራል፤ ለኔትዎርኩ የከፈለው ክፍያ ግን አይመለስለትም። ይህ ጽሑፍ በኢቴሪየም ላይ የሚሠራውን የዩኒስዋፕ ሁለተኛ ስሪት በማሳያነት ወስዶ መቀለበሱ የት እንደሚከሰት፣ ክፍያው ለምን ከመቀለበሱ ውጭ እንደሚሆንና የጠፋው ክፍያ ከምን ጋር መነጻጸር እንዳለበት በስሌት ያሳያል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ክፍያው የሚተመነው በተሠራው ስሌት መጠን እንጂ በልውውጡ መጠን ስላልሆነ፣ አንድ ዓይነት ገደብ ለትልቅና ለትንሽ ተገበያይ እኩል ጥበቃ አይሰጥም የሚል ነው።

1. ዋጋው ከተነበበበት እስከ ተፈጸመበት

በዩኒስዋፕ ሁለተኛ ስሪት ሁለት ንብረቶች በአንድ ቋት ውስጥ ይቀመጣሉ። ዋጋቸውን የሚወስነው የሁለቱ መጠኖች ብዜት ነው። አንድ ተገበያይ dx ያህል ሲያስገባ፣ 0.3 በመቶው በኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ የሚያገኘው መጠን የሚከተለው ነው።

```
dy = y * 0.997*dx / (x + 0.997*dx)
```

ለምሳሌ ያህል ቋቱ 1,000 ኢተርና 2,000,000 ዩኤስዲሲ ይዟል እንበል። አንድ ተገበያይ 10 ኢተር ለመሸጥ ሲነሣ ዋሌቱ የሚያሳየው ግምት 19,743.16 ዩኤስዲሲ ይሆናል። በቋቱ የወቅቱ ዋጋ 10 ኢተር 20,000 ዩኤስዲሲ ያወጣል፤ በመካከል የሚታየው ልዩነት ግን መንሸራተት አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ከ0.3 በመቶው ኮሚሽንና ልውውጡ ራሱ በቋቱ ዋጋ ላይ ከሚያሳድረው ጫና ሲሆን፣ ሁለቱም በግምቱ ውስጥ አስቀድመው ተካትተዋል። መንሸራተት የሚባለው ግምቱ ከተነበበ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ብቻ ነው።

ተገበያዩ የ0.5 በመቶ ገደብ ቢመርጥ ዋሌቱ የግምቱን 99.5 በመቶ፣ ማለትም 19,644.44 ዩኤስዲሲን፣ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው መጠን አድርጎ በግብይቱ ውስጥ ይጽፈዋል። ግብይቱ ከተፈረመ በኋላ ወረፋ ይይዛል። በኢቴሪየም አዲስ ብሎክ የሚጠበቀው በየ12 ሰከንዱ ነው። በዚያው ብሎክ ውስጥ ሌላ ሰው ቀድሞ 5 ኢተር ሸጠ እንበል። ሻጩ 9,920.55 ዩኤስዲሲ ይዞ ይወጣል፤ በቋቱ ውስጥም 1,005 ኢተርና 1,990,079.45 ዩኤስዲሲ ይቀራል። አሁን የመጀመሪያው ተገበያይ 10 ኢተር የሚያስገኘው 19,548.45 ዩኤስዲሲ ብቻ ነው። ይህም ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን በ95.99 ያንሳል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው 5 ኢተር ከቋቱ ኢተር ግማሽ በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ዋጋውን አንድ በመቶ ያህል መቀነሱ ነው። ኢተሩ ሲጨምር ዩኤስዲሲው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የዋጋው ለውጥ እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም የ0.5 በመቶ ገደብን ለማፍረስ ከ2.5 ኢተር ጥቂት የሚበልጥ ሽያጭ ይበቃል።

2. መቀለበሱ የሚከሰትበት መስመር

የልውውጡን ጥሪ የሚቀበለው ስማርት ኮንትራት የሚገኘውን መጠን አስልቶ ከዝቅተኛው ጋር የሚያነጻጽረው በሚከተለው መስመር ነው።

```
require(amounts[amounts.length - 1] >= amountOutMin,
    'UniswapV2Router: INSUFFICIENT_OUTPUT_AMOUNT');
```

ሁኔታው ካልተሟላ ስሌቱ ይቆማል፤ እስከዚያ የተደረገው የሁኔታ ለውጥም ሁሉ ይሻራል። 10ሩ ኢተር ከባለቤቱ አይወጣም፤ የቋቱ 0.3 በመቶ ኮሚሽንም አይከፈልም። ስለዚህ «ክፍያው ጠፋ» ሲባል የትኛው ክፍያ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የጠፋው የኔትዎርኩ ክፍያ እንጂ የቋቱ ኮሚሽን አይደለም።

3. ክፍያው ለምን አብሮ አይቀለበስም

መልሱ ያለው በአፈጻጸሙ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ኔትዎርኩ የስማርት ኮንትራቱን የመጀመሪያ ትእዛዝ ከማስኬዱ በፊት የላኪውን የግብይት ተራ ቁጥር በአንድ ያሳድጋል፤ ለተፈቀደው ከፍተኛ የጋዝ መጠን የሚበቃውን ገንዘብም ከሂሳቡ ይቀንሳል። መቀለበስ የሚመልሰው ከዚህ በኋላ የሆነውን ብቻ ነው። በመሆኑም ክፍያውና የተራ ቁጥሩ ከሚሻረው ክልል ውጭ ይቆያሉ። ተገበያዩ እንደገና ሲሞክር በአዲስ ተራ ቁጥር መፈረም የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

የዚህ ሥርዓት ምክንያት ከሥራው ባሕርይ የሚመነጭ ነው። አንድ ግብይት እንደሚከሽፍ የሚታወቀው ከተሰላ በኋላ ነው። ብሎኩን ያቀረበው አረጋጋጭና ብሎኩን የሚያጣሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ ያንን ስሌት ሠርተውታል፤ በብሎኩ ውስጥም ለሌላ ሊውል ይችል የነበረ ቦታ ተይዟል። ክሽፈት በነጻ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ረጅም ስሌት ጽፎ በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲቀለበስ በማድረግ ኔትዎርኩን ያለ ዋጋ ማጨናነቅ ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ የሚጠፋው የተቀነሰው ገንዘብ በሙሉ አይደለም። በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ተግባራዊ በሆነው የባይዛንቲየም ማሻሻያ ከተዋወቀው የመቀልበሻ ትእዛዝ ወዲህ፣ ያልተሠራበት ጋዝ ለላኪው ይመለሳል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ክሽፈት የተፈቀደውን ጋዝ ሁሉ ይውጥ ነበር።

በምሳሌው ተገበያዩ 150,000 ጋዝ ፈቅዷል፤ የመሠረታዊ ዋጋው 20 ግዌይ፣ ጉርሻው 2 ግዌይ ነው ብለን እንውሰድ። (አንድ ግዌይ የኢተር አንድ ቢሊዮንኛ ነው።) በቅድሚያ 0.0033 ኢተር ይቀነሳል። ማነጻጸሪያው መስመር ገና ንብረት ሳይንቀሳቀስ ስለሚነበብ፣ እስከዚያ የወጣው ጋዝ 30,000 ያህል ቢሆን 0.00264 ኢተር ይመለሳል፤ 0.00066 ኢተር ይጠፋል። ይህም ኢተር በ2,000 ዶላር ሲታሰብ 1.32 ዶላር ነው። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. የለንደን ማሻሻያ ወዲህ መሠረታዊው ድርሻ፣ እዚህ 0.0006 ኢተር፣ ይቃጠላል፤ ቀሪው 0.00006 ለአረጋጋጩ ይሰጣል። ስለዚህ ገንዘቡን ሊመልስ የሚችል ተቀባይ እንኳ በአመዛኙ የለም።

የማነጻጸሪያው መስመር ቦታ በኪሳራው ላይ ለውጥ ያመጣል። በሦስተኛው የዩኒስዋፕ ስሪት ንጽጽሩ የሚደረገው ልውውጡ ከተካሄደ በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት አሠራር እስከ ክሽፈቱ 120,000 ጋዝ ቢወጣ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ኪሳራው 5.28 ዶላር ይደርሳል።

4. የጠፋው ክፍያ ከምን ጋር ይመዘን

ገደቡ 1 በመቶ ቢሆን ኖሮ ዝቅተኛው መጠን 19,545.73 ይሆን ነበር፤ ልውውጡም ለጥቂት ያልፍ ነበር። ተገበያዩ 1.32 ዶላሩን ያድን ነበር፤ ነገር ግን ከግምቱ 194.71 ዩኤስዲሲ ያነሰ ይቀበል ነበር። ገደቡን ከ0.5 ወደ 1 በመቶ ማስፋት ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ጉዳት በ98.72 ዩኤስዲሲ ይጨምራል። ይህ 75 ያህል ክሽፈቶች ከሚያስወጡት ክፍያ ጋር ይስተካከላል። ሰፊ ገደብ ደግሞ ወረፋውን የሚከታተሉ ሌሎች ተገበያዮች ከፊት ሸጠው ከኋላ በመግዛት ልዩነቱን እንዲወስዱ በር ይከፍታል።

ለትንሽ ተገበያይ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። 0.1 ኢተር የሚሸጥ ሰው የ0.5 በመቶ ገደቡ የሚከላከልለት 1 ዶላር ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ክሽፈት ግን እንደ ትልቁ ተገበያይ 1.32 ዶላር ያስወጣዋል። በተሰጠው የጋዝ ዋጋ የክሽፈቱ ክፍያና የገደቡ ጥበቃ የሚስተካከሉት በ264 ዶላር ልውውጥ ላይ ነው። የጋዝ ዋጋው በአሥር ቢባዛ ይህ ነጥብ ወደ 2,640 ዶላር ከፍ ይላል። ከነጥቡ በታች ጠባብ ገደብ የሚያስወጣው ከሚያድነው ሊበልጥ ይችላል።

ጥበቃውም የራሱ ወሰን አለው። የዋጋው ለውጥ ጊዜያዊ ከሆነና ሌሎች ተገበያዮች ቋቱን ወደ ቀድሞ ዋጋው ከመለሱት፣ መቀለበሱ እውነተኛ ገንዘብ አድኗል። የኢተር ዋጋ በገበያው ሁሉ ወርዶ ከሆነ ግን ተገበያዩ በሁለተኛው ሙከራ ያንኑ ዝቅተኛ ዋጋ ያገኛል፤ መቀለበሱ የሰጠው እንደገና የመወሰን ዕድል ብቻ ነው።

5. ክሽፈቱን መለየትና የመረጃ ጥንቃቄ

በግብይቱ ደረሰኝ ላይ `status` 0 ሆኖ `gasUsed` ከተፈቀደው መጠን በእጅጉ ካነሰ፣ ክሽፈቱ የጋዝ ማለቅ ሳይሆን በኮንትራቱ ውሳኔ የተደረገ መቀልበስ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጋዝ አልቆ ሊሆን ይችላል። የመቀልበሱ ምክንያት ራሱ ግን በደረሰኙ ውስጥ አይመዘገብም፤ ግብይቱን ደግሞ በማስኬድ መገኘት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ጥሪውን በ`eth_call` ከቀደመው ብሎክ ሁኔታ ላይ የሚያስኬድ ተመራማሪ በምሳሌው ልውውጡ የተሳካ ሆኖ ያገኘዋል፤ የ5 ኢተሩ ሽያጭ ገና አልተፈጸመምና። ዋሌቱም ከመላኩ በፊት ሙከራው እንደሚሳካ ያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ትክክለኛው መንገድ በብሎኩ ውስጥ የቀደሙትን ግብይቶች በቅደም ተከተላቸው የሚደግመው `debug_traceTransaction` ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የናሙና ጉዳይ ነው። የተቀለበሰ ግብይት የልውውጥ መዝገብ አይተውም። የቋቶችን የልውውጥ መዝገብ ብቻ ሰብስቦ የመገበያያ ወጪን የሚያሰላ ጥናት የተሳኩትን ብቻ ይቆጥራል፤ በመሆኑም ወጪውን ያሳንሳል። ስሕተቱም እኩል አይከፋፈልም። ክፍያው ከልውውጡ መጠን ጋር ስለማያድግ በይበልጥ የሚደበቀው የትንሹ ተገበያይ ወጪ ነው።

6. መደምደሚያ

የማይመለሰው ክፍያ የተፈጸመ ስሌት ዋጋ እንጂ ያልተፈጸመ ልውውጥ ቅጣት አይደለም። ተገበያዩ ትእዛዙን ብቻ ፈርሞ ስሌቱን በራሱ ወጪ ለሚያስፈጽም ሦስተኛ ወገን በሚተውባቸው አሠራሮች፣ ለምሳሌ በካው ፕሮቶኮልና በዩኒስዋፕ ኤክስ፣ የክሽፈቱ ክፍያ ወደ አስፈጻሚው ይዛወራል። ክፍያው ግን ጨርሶ አይጠፋም፤ አስፈጻሚው በሚያቀርበው ዋጋ ውስጥ ሊካተት ይችላል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የመንሸራተት ገደብ በመቶኛ ብቻ ሳይሆን ከልውውጡ መጠንና ከወቅቱ የጋዝ ዋጋ ጋር ተመዝኖ መወሰን ይኖርበታል።