የዕቁብ ገንዘብና የባንክ ጥያቄ

በአሜሪካ አንድ ሰው በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ሲያስገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት። ሪፖርቱ ክስ አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ከሪፖርቱ ለመሸሽ ሲሉ ገንዘቡን ከፋፍሎ፣ ዛሬ 9,000 ነገ 9,000 እያሉ ማስገባት ነው፤ ገንዘቡ በላብ የተገኘ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ዕቁብ በጥሬ ገንዘብ ሲደርስዎ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያስገቡ።

ከዚያ የባንኩ የቁጥጥር ክፍል «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ብሎ ሊጽፍልዎ ይችላል። ብዙዎቻችን «ጓደኞቼ ሰጡኝ» ብለን እንመልሳለን። ይህ ግን ስጦታ ያስመስለዋል፤ ዕቁብ ደግሞ ስጦታ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ደመወዝተኛ ሃያ አባላት ባሉት ዕቁብ በወር 1,000 ዶላር ይጥላል። በ14ኛው ወር ዕጣው ወጣለትና 20,000 ዶላር ተቀብሎ ባንክ አስገባ። ከዚህ ውስጥ 14,000 ዶላሩ ራሱ እስከዚያ ቀን የከፈለው ነው። የቀረው 6,000 ደግሞ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የሚከፍለው ዕዳ ነው። ወለድም ትርፍም ስለሌለው ገቢ አይባልም። ደብዳቤው ይህንኑ ስሌት በአንድ ገጽ ማሳየት አለበት።

ከደብዳቤው ጋር ሦስት ማስረጃዎች ይያያዛሉ። አንደኛው የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የፈረሙበት ወረቀት ነው፤ የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ መዋጮውን፣ ዕቁቡ የተጀመረበትንና ዕጣው የወጣበትን ቀን ይይዛል። ሁለተኛው በየወሩ 1,000 ዶላር ከሂሳቡ መውጣቱን የሚያሳየው የ14 ወር የባንክ መግለጫ ነው። ሦስተኛው የደመወዝ ወረቀትና የመጨረሻው የታክስ ቅጽ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ነጂ ወይም ባለሱቅ ከሆኑ መዋጮውን ከዕለት ገቢዎ ስለሚከፍሉ ከባንክ የወጣ ገንዘብ አይታይም። ያን ጊዜ በዋናነት የሚመሰክርልዎ የታክስ ቅጽዎ ነው። በቅጹ ላይ የዓመት ትርፍዎን 15,000 ብለው አስመዝግበው ለዕቁብ 12,000 ከጣሉ፣ በቀረው 3,000 ቤት ኪራይና ቀለብ እንዴት እንደቻሉ ይጠየቃሉ። የዕቁቡ ወረቀት ለዚህ መልስ የለውም። እንዲህ ከሆነ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት የታክስ ባለሙያ ያነጋግሩ።

የሱቅ ሽያጭንም ከዕቁብ ገንዘብ ጋር ቀላቅለው አያስገቡ፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። መልሱን ባንኩ በሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ያስገቡ፤ ዝም ካሉ ሂሳብዎን ሊዘጋው ይችላል። የላኩትን ሁሉ ግልባጭ ያስቀሩ፤ በሌላ ጊዜ ሲጠየቁ ቃልዎ ከመጀመሪያው እንዳይለይ።