በጥሬ ገንዘብ የሚገኝ ቅናሽና በቀጠሮ የሚከፈል ዋጋ፤ የትኛው ይረክሳል?

የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ ለገዢው ሁለት ምርጫ ያቀርብለታል። አንደኛው ዋጋውን ከፋፍሎ በቀጠሮ መክፈል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሒሳቡን ባንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ቅናሽ ማግኘት ነው። «በቀጠሮ ለሚከፍል ወለድ የለበትም» የሚል ቃል ሲጨመርበት የመጀመሪያው ምርጫ ምንም ኪሣራ የሌለበት መስሎ ይታያል። ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው ሰው ዋጋው የሚቀነስለት ከሆነ፥ ያ ሳይቀነስ የቀረው ገንዘብ በቀጠሮ ለሚከፍለው ሰው ወለድ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ገዢው ሊመረምረው የሚገባው ይህ የተሸፈነ ወለድ ምን ያህል እንደሆነ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፥ በመቂ አካባቢ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ አንድ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ ፈለገ እንበል። ሻጩ የጠየቀው ዋጋ 60,000 ብር ነው። በቀጠሮ ለመክፈል የወደደ እንደሆነ ዛሬ 20,000 ብር፥ ከ6 ወር በኋላ 20,000 ብር፥ ዓመት ሲሞላ ደግሞ 20,000 ብር ይሰጣል። ዛሬውኑ አጠቃሎ የከፈለ እንደሆነ ግን 6,000 ብር ተቀንሶለት በ54,000 ብር ይወስደዋል።

60,000 ብርን ከ54,000 ብር ጋር እንዲሁ ማነጻጸር ትክክል አይደለም፤ የሚከፈሉበት ቀን የተለያየ ነውና። ዛሬ በእጅ ያለ ብር እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ወለድ ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ ወደፊት የሚከፈለውን እያንዳንዱን ገንዘብ አስቀድሞ ወደ ዛሬ ዋጋው መመለስ ያስፈልጋል። የዛሬ ዋጋ ማለት፥ ዛሬ በወለድ ቢቀመጥ በቀጠሮው ቀን ከዕዳው ጋር እኩል የሚሆነው ገንዘብ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ዕዳው ለ1 ብር ወለድ ተጨምሮ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ሁለት ጊዜ ወለድ የሚታሰብበት ከሆነ፥ ያ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ዕዳው በውጤቱ ይካፈላል።

ገበሬው ሙሉው ገንዘብ በቁጠባ ተቀምጦለት በዓመት 7 ከመቶ የሚያገኝ ቢሆን፥ ለ6 ወር የሚደርሰው 3.5 ከመቶ ነው። እንግዲህ ከ6 ወር በኋላ የሚከፈለው 20,000 ብር በ1.035 ሲካፈል የዛሬ ዋጋው 19,324 ብር ይሆናል። ዓመት ሲሞላ የሚከፈለው 20,000 ብር ደግሞ በ1.035 ሁለት ጊዜ ሲካፈል 18,670 ብር ይሆናል። ዛሬ ከሚሰጠው 20,000 ብር ጋር ሲደመሩ 57,994 ብር ይመጣሉ። ይህ ከ54,000 ብር በ3,994 ብር ስለሚበልጥ፥ ለዚህ ሰው የሚሻለው በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ገበሬ ግን በእጁ ያለው 20,000 ብር ብቻ ነው እንበል። ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ በዓመት 18 ከመቶ፥ ማለት ለ6 ወር 9 ከመቶ፥ ሊበደር ይችላል። ለእርሱ የሚስማማው የወለድ ልክ የቁጠባው ሳይሆን የብድሩ ነው። ሒሳቡም እንደሚከተለው ይሆናል።

ዛሬ የሚከፈል፦ 20,000 ብር
ከ6 ወር በኋላ የሚከፈለው፥ የዛሬ ዋጋው፦ 18,349 ብር
ዓመት ሲሞላ የሚከፈለው፥ የዛሬ ዋጋው፦ 16,834 ብር
ድምር፦ 55,183 ብር

ለዚህም ሰው ቢሆን ተበድሮ በጥሬ ገንዘብ መክፈል በ1,183 ብር ይረክሳል። እውነት መሆኑን በሌላ መንገድ መፈተን ይቻላል። የጎደለውን 34,000 ብር ቢበደር ከ6 ወር በኋላ ዕዳው 37,060 ብር ይደርሳል፤ ለሻጩ ሊሰጥ የነበረውን 20,000 ብር ለማኅበሩ ሲከፍል 17,060 ብር ይቀርበታል። ይህም ዓመት ሲሞላ 18,595 ብር ይሆናል። ለዚያ ቀን ካዘጋጀው 20,000 ብር ላይ ዕዳውን ጨርሶ ከፍሎ 1,405 ብር በእጁ ይተርፈዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቅናሹ ከ60,000 ብር 6,000 ብር፥ ማለት 10 ከመቶ ብቻ ነው፤ የብድሩ ወለድ ግን 18 ከመቶ ስለሆነ በቀጠሮ መክፈል ይሻለኛል» ይላል። ነገር ግን የመጀመሪያው 20,000 ብር በሁለቱም ምርጫ ዛሬውኑ ስለሚከፈል፥ በእርግጥ የተበደረው 34,000 ብር ብቻ ነው። ከዚያም ላይ የዕዳው እኩሌታ ያህል በ6 ወር ውስጥ ይመለሳል። ስለሆነም 6,000 ብር የሚታሰበው ባነሰ ገንዘብና ባጠረ ጊዜ ላይ ነው።

የተሸፈነውን ወለድ ልክ ለማግኘት ልዩ ልዩ ቁጥር እየሞከሩ ማስላት ይበቃል። ለ6 ወር 11 ከመቶ ቢታሰብ የቀጠሮው ክፍያ የዛሬ ዋጋ 54,250 ብር ይሆናል፤ 12 ከመቶ ቢታሰብ 53,801 ብር ይሆናል። የጥሬ ገንዘቡ ዋጋ 54,000 ብር በሁለቱ መካከል ስለሆነ፥ ሻጩ «ወለድ የለበትም» ያለው ዱቤ ለ6 ወር ከ11 ከመቶ በላይ ያስከፍላል። ከዚህ ባነሰ ወለድ ብድር የሚያገኝ ሰው ተበድሮ በጥሬ ገንዘብ ይግዛ።

ይሁን እንጂ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ለሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። አበዳሪው ለ6 ወር 15 ከመቶ የሚጠይቅ ከሆነ የሻጩ ዱቤ ይረክሳል። እንደዚሁም ገበሬው ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለሞተር ከፍሎ ማዳበሪያና ዘር የሚገዛበት ቢያጣ፥ የሚቀርበት የምርት ትርፍ እንደ ወለድ ሊቆጠር ይገባል። በአንድ ወቅት በማዳበሪያ ላይ የዋለ 100 ብር ከ12 ብር በላይ ትርፍ እንደሚሰጠው በእርግጥ የሚያውቅ ሰው፥ በቀጠሮ መክፈሉ ይጠቅመዋል።

ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ የዓመት ወለድ እንዳለ ተወስዶ ለ6 ወር ክፍያ እንዳይታሰብ መጠንቀቅ ነው፤ የወለዱና የክፍያው ጊዜ አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ፥ ለውል ማጻፊያም ሆነ ለብድር አገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ ካለ፥ በሚከፈልበት ቀን ተይዞ በሚመለከተው ምርጫ ላይ ይደመር። ሦስተኛ፥ የቀጠሮው ቀን ሽንኩርቱ ከሚሸጥበት ወራት ጋር መስማማቱ ይታይ። ቀጠሮው ከምርቱ የቀደመ እንደሆነ ገበሬው መቀጫ ይከፍላል፥ ወይም ሰብሉን ሳይደርስ በርካሽ ይሸጣል፤ ያን ጊዜ በወረቀት ላይ የረከሰው ዱቤ በተግባር ይወደዳል።