የበቀለ ጥርስ፣ ያላለቀ ሥር፦ የሕፃናትን ዕድሜ ከጥርስ ስለመገመት

የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ በወንጀል ተጠርጥሮ ሲቀርብ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ የዕድሜው ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ጥርስ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይሰጣል፦ በዓይን የሚታየውን የጥርስ መብቀልና በራጅ የሚታየውን የጥርስ እድገት። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም።

ጥርስ ድድን ሰንጥቆ የሚወጣው በአንድ ወቅት ነው። ይህ ወቅት በአካባቢው በሚደርስ ነገር፣ በተለይም የወተት ጥርስ ያለጊዜው በመነቀሉ፣ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። የጥርሱ እድገት ግን ለዓመታት የሚቀጥል ሂደት በመሆኑ እንዲህ ባለው ምክንያት የሚናወጠው በጥቂቱ ነው።

ደሚርጂያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ እድገት ላይ ነው። በታችኛው መንጋጭላ ግራ በኩል ያሉት ሰባት ቋሚ ጥርሶች እያንዳንዳቸው ከ«ኤ» እስከ «ኤች» ከተዘረዘሩት ስምንት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባሉ። የየደረጃው ነጥብ ተደምሮ፣ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ዕድሜው ይነበባል።

ለአብነት ያህል፣ በአንድ ወንድ ልጅ አፍ ውስጥ በግራ በኩል የታችኛው የመጀመሪያ ቅድመ መንጋጋ ጥርስ በቅሏል እንበል። ይህ ጥርስ በተለምዶ የሚበቅለው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በመብቀሉ ብቻ የሚፈርድ መርማሪ ልጁን ከ9 ዓመት በላይ ያደርገዋል። ነገር ግን በቀኝ በኩል የወተት መንጋጋው ገና በቦታው አለ፤ የበቀለው ጥርስም ሲነካ ይነቃነቃል። ራጁ ሲታይ የጥርሱ ሥር ከአናቱ ቁመት ያንሳል፤ በደንቡ የሚበቅል ጥርስ ግን አብዛኛው ሥሩ ተሠርቶ ነው። የሁለተኛው መንጋጋ አናት ገና ተጠናቆ ሥሩ መጀመሩ ነው፤ የመጀመሪያው መንጋጋ የሥር ጫፎችም አልተዘጉም። እነዚህ ምልክቶች ወደ 8 ዓመት ገደማ ያመለክታሉ። ልዩነቱን ያመጣው ተበልቶና መግል ቋጥሮ የተነቀለው የግራው የወተት መንጋጋ ነው፤ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን በማሳሳቱ ተተኪው ጥርስ ቀድሞ ወጥቷል።

ይህም ቢሆን ራጁ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ሠንጠረዡ የተሠራው ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ልጆች ሲሆን፣ በሌሎች በርካታ ሕዝቦች ላይ ሲሞከር ዕድሜን ከፍ አድርጎ የመገመት ዝንባሌ ታይቶበታል። እኩያ ልጆችም በጥርስ እድገት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። በመሆኑም በምሳሌው ልጅ ጉዳይ የባለሙያው ሪፖርት አንድ ቁጥር ሳይሆን የዕድሜ ክልል መስጠት፣ 9 ዓመት በክልሉ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነም ጥርስ ብቻውን ጥያቄውን እንደማይዘጋ በግልጽ ማስፈር አለበት።