ሜሽ ወይስ ኖድ? የምንጭ ዓይነት በስልት ምርጫ ላይ ያለው ሚና

አንድን ሰርኪት በሜሽ ከረንት ወይም በኖድ ቮልቴጅ ስልት ለመተንተን ሲታሰብ፣ የተለመደው ምክር ጥቂት እኩልታዎች የሚያስገኘውን ስልት መምረጥ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ አስቸጋሪው ቆጠራው ነው። ኖዶችና ሜሾች ይቆጠራሉ፤ የምንጩ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህ ጽሑፍ ምንጩ ምርጫውን እንዴት እንደሚለውጥ በአንድ የዊትስቶን ድልድይ ያሳያል።

ድልድዩን የሚመግበው ውስጣዊ ሬዚስታንስ የሌለው የ12 ቮልት ምንጭ ነው። ከምንጩ አወንታዊ ጫፍ እስከ ኖድ a 2 ኪሎ ኦም፣ እስከ ኖድ b ደግሞ 4 ኪሎ ኦም አለ። ከ a እስከ ማጣቀሻው ኖድ 4 ኪሎ ኦም፣ ከ b እስከ ማጣቀሻው 2 ኪሎ ኦም ሲሆን፣ a እና bን የሚያገናኘው ሬዚስተር 4 ኪሎ ኦም ነው። የሚፈለገው በዚህ በመካከለኛው ሬዚስተር የሚያልፈው ከረንት ነው።

ከማጣቀሻው ውጭ 3 ኖዶች አሉ፤ ሜሾቹም 3 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ስልቶች እኩል ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ምንጩ የላይኛውን ኖድ ቮልቴጅ አስቀድሞ 12 ስላደረገው፣ በኖድ ስልት የማይታወቁት Va እና Vb ብቻ ናቸው። በሁለቱ ኖዶች ላይ የኪርሾፍን የከረንት ሕግ ጽፈን በ4 ስናባዛ የሚከተለውን እናገኛለን፦

```
4Va − Vb = 24
4Vb − Va = 12
```

መፍትሔው Va = 7.2 ቮልት፣ Vb = 4.8 ቮልት ነው። በመካከለኛው ሬዚስተር ከ a ወደ b የሚያልፈው ከረንትም 2.4 ቮልት ለ4 ኪሎ ኦም ሲካፈል 0.6 ሚሊ አምፔር ይሆናል። በሜሽ ስልት ቢሆን ሦስት እኩልታ መፍታት ግድ ነበር።

አሁን ሬዚስተሮቹን ሳንነካ የቮልቴጅ ምንጩን በ4.2 ሚሊ አምፔር የከረንት ምንጭ እንተካው። ውጤቱ አይለወጥም፤ ምርጫው ግን ይገለበጣል። ምንጩ የሚገኝበት ሜሽ ከረንት አስቀድሞ ስለታወቀ፣ የሚቀሩት የላይኛው ሜሽ ከረንት i2 እና የታችኛው i3 ናቸው፦

```
10·i2 − 4·i3 = 8.4
10·i3 − 4·i2 = 16.8
```

ከእነዚህ i2 = 1.8፣ i3 = 2.4 ሚሊ አምፔር ይገኛል፤ ልዩነታቸውም ያው 0.6 ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት እኩልታ የሚጠይቀው የኖድ ስልት ነው።

እንግዲህ ቆጠራው የሚጠናቀቀው ከኖዶቹ የቮልቴጅ ምንጮች፣ ከሜሾቹ ደግሞ የከረንት ምንጮች ሲቀነሱ ነው። የቮልቴጅ ምንጩ ማጣቀሻ ባልሆኑ ሁለት ኖዶች መካከል ቢውልም ቅነሳው ይሠራል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ሱፐርኖድ ይታያሉና። ምንጩ የራሱ ተከታታይ ሬዚስታንስ ሲኖረው ግን የድልድዩ ቆጠራ 3 ለ3 ይሆናል። ያን ጊዜ ወሳኙ የሚፈለገው መጠን ነው፤ ከምንጩ የሚወጣው ከረንት ከተፈለገ ሜሽ በቀጥታ ይሰጠዋል፣ የ a ቮልቴጅ ከተፈለገ ኖድ ይቀላል።

አንድ ገደብ ግን ከማንኛውም ቆጠራ ይቀድማል። ሽቦዎቹ ሳይሻገሩ በወረቀት ላይ ሊሣል የማይችል ሰርኪት ሜሽ የለውም፤ ለእርሱ የኖድ ስልት ያለ ምንም ለውጥ ያገለግላል።