የእድር ደንብ ሲታረም፦ የትኛው የአራሚው፣ የትኛው የጉባኤው?

ጥያቄ፦ የእድራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አዲስ የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ አዘጋጅቶ «አንቺ የአማርኛ መምህርት ነሽ፤ እስቲ ቋንቋውን አስተካክይልን» ብሎ ሰጠኝ። የጻፉት ሁለት ጡረተኞችና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ፣ ያለ አንዳች ክፍያ። እኔም ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን አርሜ፣ የተንዛዙትን ዓረፍተ ነገሮች አሳጥሬ መለስኩላቸው። ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ ግን አንድ አባት ተነሥተው «አንቀጽ 11 ላይ ሕጉን ቀየርሽብን» አሉኝ። የነበረው «በአባሉ ቤት የሚኖሩ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ሲሞቱ ለአባሉ ብር 3,000 ይከፈላል» የሚል ነው። እኔ ደግሞ «የአባሉ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች በአባሉ ቤት የሚኖሩ ከሆነ፣ ሲሞቱ ለአባሉ ብር 3,000 ይከፈላል» አልኩት። የቃላቱን ቦታ ብቻ ነው ያዛወርኩት። ሕግ የቀየርኩት እንዴት ነው? ከእንግዲህስ የቱን ልንካ፣ የቱን ልተው?
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እኚያ አባት እውነታቸውን ነው። እርስዎ ሰዋስዉን እያዩ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ደንቡን ያነበቡት ነገ የሚቀበረውን ሰው እያሰቡ ነው። ደንብ መነበብ ያለበትም እንደሳቸው ነው።

የቀድሞውን ዓረፍተ ነገር ደግመው ይዩት። «በአባሉ ቤት የሚኖሩ» የሚለው ገላጭ ከፊት ቆሟል፤ ከኋላው ሦስት ዓይነት ዘመዶች ተደርድረዋል። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ስለሚያስቀድም፣ ገላጩ ለሦስቱም ይሁን ለመጀመሪያው ብቻ ከአቀማመጡ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አንዱ አንባቢ «ወላጆችም፣ ወንድሞችም፣ እህቶችም በቤቱ የሚኖሩ ከሆነ ነው» ይላል። ሌላው «በቤቱ መኖር ያለባቸው ወላጆች ናቸው፤ ወንድምና እህትማ የትም ቢኖሩ ይከፈላል» ይላል። ሁለቱም ከጽሑፉ ውጭ አልወጡም።

አሁን ደሴ የምትኖር እህቱ የሞተችበትን አባል ያስቡ። በሁለተኛው ንባብ 3,000 ብር ያገኛል፤ በመጀመሪያው አያገኝም። እርስዎ «በአባሉ ቤት የሚኖሩ ከሆነ» የሚለውን ወደ መጨረሻ ሲያዛውሩት ለሦስቱም እንዲሆን አደረጉት፤ የደሴዋን እህትም ከደንቡ አስወጧት። ዓረፍተ ነገሩ ጠርቷል፤ የጠራው ግን በእርስዎ ውሳኔ ነው። ምናልባት ጸሐፊዎቹም ያሰቡት ይህንኑ ይሆናል። ቢሆንም የመወሰኑ ሥልጣን የእርስዎ አልነበረም።

ስለዚህ መለኪያዎ ይህ ይሁን። ማስተካከያ ካደረጉ በኋላ የቀድሞውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና አንድ ሰው፣ አንድ ሐዘን፣ አንድ ክፍያ ያስቡ። ከሁለቱ ጽሑፎች የተለያየ መልስ የሚያገኝ አባል አንድ እንኳ ካለ፣ የነኩት ቋንቋውን ብቻ አይደለም። «ሐዘን» አንድ ቦታ በ«ሐ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሀ»፣ ሦስተኛው ቦታ በ«ኀ» ተጽፎ ከሆነ ሁሉንም ወደ አንዱ ቢያመጡት ማንም አይጎዳም። እንዲያውም ይጠቅማል፤ ኮምፒውተር ላይ «ሐዘን» ብሎ የሚፈልግ ሰው በ«ሀ» የተጻፈውን አያገኘውምና። በዚህ ዓይነቱ እርማት አይፍሩ፣ ማንንም አያስፈቅዱ።

ችግሩ ያለው መሐል ላይ ነው፤ እርማት መስለው ውሳኔ የሆኑት ዘንድ። አራሚዎችን ደጋግሞ የሚጥለው በ«ይ» እና በ«ት» የሚጀምረው ተደራጊ ግሥ ነው። «ቅጣቱ በበቂ ምክንያት ይነሣል» ይላል ረቂቁ። ማን ነው የሚያነሣው? ጸሐፊዎቹ አልተናገሩም፤ አማርኛም እንዲናገሩ አያስገድዳቸውም። ጥሩ የቋንቋ መምህር ደግሞ አድራጊው የታወቀ ዓረፍተ ነገር ይወዳልና «ኮሚቴው ቅጣቱን በበቂ ምክንያት ያነሣል» ብሎ ያስተካክለዋል። በዚህች አንድ ቃል ለኮሚቴው ቅጣት የመማር ሥልጣን ተሰጠው። ይህን ሥልጣን ለጠቅላላ ጉባኤ ብቻ የሚተዉ እድሮች አሉ፤ ለዳኛው የሚሰጡም አሉ። የእርስዎ እድር የቱን እንደመረጠ ከጽሑፉ ካልታወቀ፣ ግሡን እንደነበረ ይተዉት፤ ጥያቄውን በሌላ ወረቀት ያስፍሩ።

«ይሰረዛል» ከሚለውም ላይ እጅዎን ያንሡ። ምሕረት የሌለው ይመስላል፤ እኔም ሳነበው ቅር ይለኛል። «3 ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዛል» የሚለውን «ሊሰረዝ ይችላል» ማለት ለአራሚ ትሕትና ይመስላል፤ ለእድሩ ግን ሌላ ሕግ ነው። በመጀመሪያው ማንም የሚመርጠው ነገር የለም፤ ሦስተኛው ወር ሲያልፍ ጉዳዩ አበቃ። በሁለተኛው ኮሚቴው አንዱን ሊሰርዝ፣ ሌላውን ሊያልፍ ይችላል። «3 ወር ያልከፈለ» የሚለውን ለማሳመር «ከ3 ወር በላይ ያልከፈለ» ካሉትም ልክ ሦስት ወር የቆየበትን አባል አተረፉት። «ለ3 ተከታታይ ወራት» ካሉ ደግሞ መስከረምን ከፍሎ፣ ጥቅምትን ዘሎ፣ ኅዳርን ከፍሎ፣ ታኅሣሥንና የካቲትን የዘለለ ሰው ዳነ። ደንቡ ጨካኝ ነው ብለው ካመኑ እርስዎም አባል ነዎትና በጉባኤ ላይ እጅዎን አውጥተው ይናገሩ። በእርማት ብዕር ግን አይሆንም።

የፊደል ተራ ቁጥሩን ብዙ ሰው ተራ ነገር ያደርገዋል። አንቀጽ 9 ቅጣቶችን በ(ሀ)፣ በ(ለ)፣ በ(መ) እና በ(ሠ) ዘርዝሯል እንበል፤ ጸሐፊው (ሐ)ን ረስቷታል። እርስዎ ሲያስተካክሉ (መ) የነበረው (ሐ)፣ (ሠ) የነበረውም (መ) ሆነ። አሁን ወደ አንቀጽ 19 ሲሄዱ «በአንቀጽ 9 (መ) የተመለከተው ቅጣት ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አይነሣም» የሚል ያገኛሉ። ጸሐፊዎቹ ያንን የጻፉት የእድሩን ድንኳን ወይም ብረት ድስት አበላሽቶ ለመለሰ ሰው ነበር፤ አሁን ግን በስብሰባ ላይ ለሚረብሽ ሰው ሆኖ ተገኘ። ተራውን ከነኩ «በአንቀጽ» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ እየፈለጉ እያንዳንዱን ጥቆማ አብረው ያስተካክሉ። ሲያበቁም ጥቆማው በቀድሞው ረቂቅ ወደሚያመለክተው ጉዳይ መድረሱን አንድ በአንድ ያረጋግጡ።

ቁጥር በአኀዝና በፊደል ሲለያይስ? «ብር 1,500 (አንድ ሺህ ሁለት መቶ)» የሚል ቢያገኙ የተለመደው ፈተና «በፊደል የተጻፈው ይጸናል» ብሎ ማረም ነው። አይመኑት። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤው ይታይ፤ መጠኑ የተወሰነበት ቀን መዝገብ ላይ አለ። መዝገቡ ካልተገኘ ሁለቱም እንዳሉ ይቆዩና ለኮሚቴው ይጠየቅ።

ጥያቄው እንዴት ይጻፍ የሚለው ዋና ነገር ነው። «አንቀጽ 11 ግልጽ አይደለም» ብለው ከጻፉ ኮሚቴው «ለእኛ ግልጽ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እያንዳንዱ አባል ግልጽ የሆነለት በራሱ ንባብ ነውና። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «አንቀጽ 11። የአባል እህት በሌላ ከተማ እየኖረች ብትሞት ብር 3,000 ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? የሚከፈል ከሆነ 'የትም ቢኖሩ' የሚለው ይጨመር። የማይከፈል ከሆነ ገላጩ ወደ መጨረሻ ይዛወር።» ሰዎቹ ስለ ሰዋስው እንዲከራከሩ አያስፈልግም፤ የሚመልሱት አዎን ወይም አይደለም ነው። ሁለቱም አንቀጽ ተዘጋጅቶ ስለሚቀርብላቸውም የመረጡትን በዚያው ሰዓት ማስገባት ይቻላል። ከቀድሞው ደንብ የተለየ ልምድ ካለ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ እዚያው ይነግርዎታል፤ «አዎን፣ እስከ ዛሬ ለወንድም የትም ቢኖር ስንከፍል ቆይተናል» የሚል መልስ ብዙ ያጋጥማል።

የትኛው ጥያቄ ለማን ይቅረብ? ይህ የሚወሰነው ሰነዱ ገና ረቂቅ በመሆኑ ወይም በመጽደቁ ነው። እርስዎ «ረቂቅ» ብለው ጽፈዋል፤ ከሆነ ኮሚቴው መልሶ ይጽፈዋል፤ ጉባኤው ያጸድቀዋል። ጸድቆ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ቢሆን ኖሮ ኮሚቴው ራሱ የአንቀጽ 11ን ትርጉም መምረጥ አይችልም ነበር፤ «ደንቡ ስለሚሻሻልበት» የሚለው አንቀጽ በሚያዘው ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ የሚያርም ሰው ፊደል ከማስተካከል አይለፍ፤ እሱም ቢሆን በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የተፈረመበት ዋናው ቅጂም አይነካ።

የአሠራሩን ነገር ባጭሩ ልንገርዎ። የተቀበሉትን ፋይል ስሙን ለውጠው ያስቀምጡና በቅጂው ላይ ይሥሩ። በወርድ ከሆነ Review ከሚለው ሥር Track Changes ን ይክፈቱ፤ እያንዳንዱ ለውጥ በቀለም ይታያል፤ ማንም «ምን ቀየረች?» ብሎ አይጠራጠርም። ሲጨርሱ የቁጥር ቆጠራ ያድርጉ፦ ከቀድሞው ረቂቅ ውስጥ ብሩን፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዕድሜውንና የድምፁን ልክ በሙሉ እየነቀሱ ይጻፉ፤ ከአዲሱም እንዲሁ። ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ካልሆኑ ስሕተቱ የእርስዎ ነው። ከዚያ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የቀድሞውን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እርስዎ አዲሱን በዓይንዎ ይከተሉ። ድካሙ አንድ ምሽት ነው፤ ዓይን ያለፈውን «አይ» እና «ብቻ» የሚይዘው ግን ጆሮ ነው። «አይከፈልም» የሚለው «ይከፈላል» ቢሆንና «ብቻ» የሚለው ቃል ቢወድቅ በቀለም ለውጥ መካከል ሳይታይ ያልፋል።

ለአሁኑ አንቀጽ 11ን ወደ ነበረበት ይመልሱት። የጻፍኩልዎትን ጥያቄ ከሌሎቹ ጋር አድርገው፣ ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት ለጸሐፊው በእጁ ያድርሱ፤ ለእኚያ አባትም አንድ ቅጂ ይስጧቸው።